የቴኒስ ነጥብ አቆጣጠር

የቴኒስ ነጥብ አቆጣጠር በሜዳ ቴኒስ ግጥሚያ አሸናፊውን ለመለየት የሚያገለግል ባለ አራት ደረጃ የቆጠራ ሥርዓት ነው። ነጥቦች ተጠራቅመው ጌም፣ ጌሞች ተጠራቅመው ዙር፣ ዙሮች ተጠራቅመው ደግሞ ግጥሚያውን ያስገኛሉ። ከእግር ኳስና ከቅርጫት ኳስ የሚለየው ዋና ነገር የጠቅላላ ነጥብ ድምር አሸናፊውን የማይወስን መሆኑ ነው። አንድ ጌም ሲያልቅ በውስጡ የተቆጠሩት ነጥቦች ይሰረዙና ቆጠራው እንደገና ከባዶ ይጀምራል፤ ተሸናፊው በዚያ ጌም ያገኛቸው ነጥቦች ወደሚቀጥለው አይሸጋገሩም። በዚህ ምክንያት ከተጋጣሚው ያነሰ ነጥብ ያገኘ ተጫዋች ግጥሚያውን ሊያሸንፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የዊምብልደን የወንዶች ነጠላ ፍጻሜ የሆነውም ይኸው ነው።

ነጥብ እና ሰርቭ

እያንዳንዱ ነጥብ የሚጀምረው አንዱ ተጫዋች ከሜዳው ጫፍ መስመር ጀርባ ቆሞ ኳሷን ወደ ላይ ከወረወረ በኋላ በራኬት ሲለጋት ነው። ይህ ምት ሰርቭ ይባላል። ኳሷ መረቡን አልፋ በተቃራኒው ሜዳ በሰያፍ ካለው የሰርቭ ሳጥን ውስጥ ማረፍ አለባት። የሚለጋው ተጫዋች ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ሙከራ አለው። የመጀመሪያው ቢስት ነጥቡ አይለወጥም፤ ሁለተኛውም ከሳተ ግን ነጥቡ ለተቀባዩ ይሰጣል። አዲስ ተመልካች «ኳሷ ውጭ ወጥታ እያለ ለምን ነጥብ አልተቆጠረም?» ብሎ የሚገረመው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሙከራ ላይ ነው።

ከሰርቭ በኋላ ኳሷን መረብ ውስጥ ያስቀረ፣ ከመስመር ውጭ ያወጣ ወይም በራሱ ሜዳ ሁለት ጊዜ እስክትነጥር ያልደረሰባት ተጫዋች ነጥቡን ያጣል። ነጥቡን ማን እንደጀመረው ለውጥ አያመጣም፤ የሚለጋውም ተቀባዩም ነጥብ ማግኘት ይችላሉ።

አንድ ተጫዋች አንድን ጌም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይለጋል፤ በሚቀጥለው ጌም ተራው የተጋጣሚው ነው። ዳኛው ውጤት ሲጠራ ምንጊዜም የሚለጋውን ተጫዋች ነጥብ ያስቀድማል። ስለዚህ «15 ለ 40» ከተባለ እየመራ ያለው ተቀባዩ ነው።

የጌም ቆጠራ፦ ከላቭ እስከ 40

በጌም ውስጥ ነጥቦች 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ አይቆጠሩም። ምንም ነጥብ አለማግኘት «ላቭ» ይባላል፤ በእግር ኳስ «ሁለት ለባዶ» ሲባል «ባዶ» የሚለው ቃል የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው ነጥብ 15፣ ሁለተኛው 30፣ ሦስተኛው 40 ተብሎ ይጠራል። አራተኛውን ነጥብ ያገኘ ተጫዋች ከተጋጣሚው ቢያንስ በሁለት ነጥብ የሚበልጥ ከሆነ ጌሙን ይወስዳል።

ቁጥሮቹ ስሞች ብቻ እንደሆኑ መረዳት ግራ መጋባትን ያስቀራል። በ15 እና በ30 መካከል ያለውም ሆነ በ30 እና በ40 መካከል ያለው ልዩነት እኩል አንድ ነጥብ ነው። የ40 መሪነት ከ30 በ«አሥር» ሳይሆን በአንድ ነጥብ ይበልጣል ማለት ነው። የሚለጋው ተጫዋች የመጀመሪያውን ነጥብ ቢያገኝ «15 ለላቭ»፣ ሁለተኛውን ተጋጣሚው ቢወስድ «15 እኩል»፣ ቀጣዮቹን ሁለቱን የሚለጋው ቢያገኝ «30 ለ 15» ከዚያም «40 ለ 15» ይባላል። አንድ ነጥብ ከጨመረ ጌሙ ያልቃል።

ውጤቱ ያመለጠው ተመልካች የሚለጋው ተጫዋች የቆመበትን ቦታ በማየት የተወሰነ ፍንጭ ያገኛል። እያንዳንዱ ጌም የሚጀምረው ከሚለጋው ተጫዋች በስተቀኝ ካለው የሜዳ ግማሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየነጥቡ ቀኝና ግራ ይፈራረቃል። ስለዚህ በጌሙ የተቆጠሩት ነጥቦች ድምር ሙሉ ለሙሉ ለሁለት ሲካፈል ከቀኝ፣ አንድ ሲተርፍ ከግራ ይለጋል። በ30 ለ 15 ሦስት ነጥቦች ተቆጥረዋልና ተጫዋቹ በግራ በኩል ይቆማል።

ዲውስ እና አድቫንቴጅ

ሁለቱም ተጫዋቾች ሦስት ሦስት ነጥብ ሲያገኙ «40 እኩል» ከማለት ይልቅ «ዲውስ» ይባላል። ከዚህ በኋላ አንድ ነጥብ ብቻ ማግኘት ጌሙን አያስገኝም፤ ሁለት ነጥብ በተከታታይ ማግኘት ያስፈልጋል። ከዲውስ ቀጥሎ የመጀመሪያውን ነጥብ ያገኘው ተጫዋች «አድቫንቴጅ» ያዘ ይባላል። ቀጣዩንም ካገኘ ጌሙ የእሱ ነው። ካጣው ግን ውጤቱ ወደ ዲውስ ይመለሳል እንጂ ተጋጣሚው መሪ አይሆንም። ይህ መመላለስ ገደብ ስለሌለው አንድ ጌም በሁለት ደቂቃ ሊያልቅ ወይም ከአሥር ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል።

30 እኩል በስሙ ከዲውስ ቢለይም በተግባር ከእሱ ጋር አንድ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ጌሙን ለመውሰድ የሁለት ነጥብ ብልጫ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለአንዱ ቢመልስ ውጤቱ እንደገና እኩል ይሆናል። በተመሳሳይ 40 ለ 30 መምራት አድቫንቴጅ ከመያዝ አይለይም።

በአንዳንድ ውድድሮች ጊዜ ለመቆጠብ አድቫንቴጅ ይቀራል። ለምሳሌ በወንዶች ፕሮፌሽናል ማኅበር የጥንድ ውድድሮች ዲውስ ላይ ሲደረስ አንድ ወሳኝ ነጥብ ብቻ ይጫወታሉ፤ ከየትኛው ወገን መቀበል እንደሚፈልጉ የሚመርጡት ተቀባዮቹ ናቸው። ተመልካቹ ከዲውስ በኋላ ጌሙ በአንድ ነጥብ ሲያልቅ ካየ ምክንያቱ ይህ ደንብ ነው።

ዙር እና ብሬክ

በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ሴት» የሚባለውና በመረብ ኳስም የሚታወቀው ዙር የጌሞች ስብስብ ነው። ስድስት ጌም ቀድሞ ያገኘና ከተጋጣሚው ቢያንስ በሁለት ጌም የሚበልጥ ተጫዋች ዙሩን ያሸንፋል። 6 ለ 3 ወይም 6 ለ 4 ዙሩን ይዘጋል፤ 6 ለ 5 ግን አይዘጋም። በ6 ለ 5 የሚመራው ቀጣዩን ጌም ካገኘ 7 ለ 5 አሸነፈ፤ ካጣው 6 እኩል ይሆናል።

በአብዛኞቹ ውድድሮች ሁለት ዙር ቀድሞ ያሸነፈ ግጥሚያውን ይወስዳል። በአውስትራሊያ፣ በፈረንሳይ፣ በዊምብልደን እና በአሜሪካ በሚደረጉት አራቱ የግራንድ ስላም ውድድሮች ግን በወንዶች ነጠላ ሦስት ዙር ማሸነፍ ያስፈልጋል፤ በእነዚህ ውድድሮች የሴቶች ነጠላ የሚለየው በሁለት ዙር ነው።

የሚለጋው ተጫዋች ነጥቡን በራሱ ምት ስለሚጀምር በከፍተኛ ደረጃ ቴኒስ ብዙውን ጊዜ የሚለጋበትን ጌም ያሸንፋል። ተቀባዩ ጌሙን ሲወስድ «ብሬክ» አደረገ ይባላል። ሁለቱም የየራሳቸውን የሰርቭ ጌም ካስጠበቁ ውጤቱ 1 ለ 1፣ 2 ለ 2 እያለ እኩል ይሄዳል። ስለዚህ 4 ለ 3 የሚለው ውጤት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ቀጣዩን ጌም የሚለጋው ማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። የሚመራው ተጫዋች ብሬክ ካላደረገ የመራው ቀድሞ ስለለጋ ብቻ ነው፤ ብሬክ ካደረገ ግን ሰርቩን ጠብቆ እስከ መጨረሻው ከሄደ ዙሩ በእጁ ነው።

ታይብሬክ

የሁለት ጌም ብልጫ ደንብ ብቻውን ቢተው ዙሩ ማለቂያ ላይኖረው ይችላል። ለዚህ መፍትሔ የሆነውን ታይብሬክ ያመነጨው አሜሪካዊው ጄምስ ቫን አለን ሲሆን፣ የአሜሪካ ኦፕን እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ ላይ አውሎታል። ያኔ የነበረው ዓይነት አምስት ነጥብ ቀድሞ ያገኘ የሚያሸንፍበት፣ 4 እኩል ላይ ሲደረስም በአንድ ነጥብ የሚለይ ነበር። ዛሬ የሚሠራበት ዓይነት ሰባት ነጥብንና የሁለት ነጥብ ብልጫን ይጠይቃል።

ዙሩ 6 እኩል ሲሆን ታይብሬክ ይጀመራል። እዚህ ላይ 15 እና 30 ይቀሩና ነጥቦች እንደ ተራ ቁጥር 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ ይቆጠራሉ። ሰባት ነጥብ ቀድሞ ያገኘ ያሸንፋል፤ 6 እኩል ከሆኑ ግን አንዱ በሁለት እስኪበልጥ ይቀጥላሉ። ስለዚህ 7 ለ 5 ይበቃል፤ 7 ለ 6 አይበቃም። ያሸነፈው ዙሩን 7 ለ 6 እንዳሸነፈ ይመዘገባል።

አንድ ሰው ታይብሬኩን ሙሉ ቢለጋ ፍትሐዊ ስለማይሆን ተራው ይከፋፈላል። ተራው የደረሰው ተጫዋች አንድ ነጥብ ብቻ ይለጋል፤ ከዚያ ተጋጣሚው ሁለት፣ ከዚያም የመጀመሪያው ሁለት እያሉ ይቀጥላሉ። በየስድስት ነጥቡ የሜዳውን ጫፍ ይቀያየራሉ።

በመጨረሻው ዙር ያለው ልዩነት

ለረጅም ጊዜ በዊምብልደን የመጨረሻው ዙር ታይብሬክ አልነበረውም። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካዊው ጆን ኢስነር እና በፈረንሳዊው ኒኮላ ማዩ ግጥሚያ ታየ። አምስተኛው ዙር በኢስነር አሸናፊነት 70 ለ 68 እስኪያልቅ ድረስ ግጥሚያው በሦስት ቀናት ተከፋፍሎ በጠቅላላው 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ኬቨን አንደርሰን ኢስነርን በግማሽ ፍጻሜ በመጨረሻው ዙር 26 ለ 24 አሸነፈ። ዊምብልደን በቀጣዩ ዓመት የመጨረሻው ዙር 12 እኩል ሲደርስ ታይብሬክ እንዲደረግ ወሰነ።

እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አራቱም የግራንድ ስላም ውድድሮች አንድ ደንብ ይከተላሉ፦ የመጨረሻው ዙር 6 እኩል ሲሆን ታይብሬክ ይደረጋል፤ አሸናፊው ግን በሰባት ሳይሆን በሁለት ብልጫ አሥር ነጥብ ቀድሞ የደረሰው ነው። ከዚያ በፊት የተደረጉ ግጥሚያዎችን በቪዲዮ የሚያይ ሰው ሌላ ዓይነት ውጤት ቢያይ ስህተት አይደለም።

የውጤት ሰሌዳን ማንበብ

በቴሌቪዥን የሚታየው ሰሌዳ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ መስመር አለው። ከስሙ ቀጥለው የሚደረደሩት ቁጥሮች በየዙሩ ያገኛቸው ጌሞች ሲሆኑ፣ መጨረሻ ላይ ያለው 0፣ 15፣ 30 ወይም 40 በመካሄድ ላይ ያለው ጌም ነጥብ ነው። ከአንዱ ስም አጠገብ ያለች ትንሽ ነጠብጣብ ወይም የኳስ ምልክት የሚለጋውን ታመለክታለች።

በታይብሬክ ያለቀ ዙር አጠገብ በትንሹ ወይም በቅንፍ የሚጻፈው ቁጥር ተሸናፊው በታይብሬኩ ያገኘው ነጥብ ነው። የአሸናፊው ነጥብ ከዚያ ይታወቃል፦ በሰባት ነጥብ ታይብሬክ ተሸናፊው 5 ወይም ከዚያ በታች ካገኘ አሸናፊው 7 አለው፤ 6 ወይም ከዚያ በላይ ካገኘ የአሸናፊው በሁለት ይበልጣል።

ምሳሌ፦ የ2019 የዊምብልደን ፍጻሜ

ሐምሌ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 2019) ሰርቢያዊው ኖቫክ ጆኮቪች እና ስዊዘርላንዳዊው ሮጀር ፌደረር ያደረጉት ግጥሚያ 4 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ወስዶ በሚከተለው ውጤት ተጠናቀቀ።

ጆኮቪች፦ 7 – 1 – 7 – 4 – 13
ፌደረር፦ 6(5) – 6 – 6(4) – 6 – 12(3)

ሰሌዳው ሲነበብ ጆኮቪች የመጀመሪያውን ዙር በታይብሬክ 7 ለ 5፣ ሦስተኛውን በታይብሬክ 7 ለ 4 አሸነፈ። ፌደረር ሁለተኛውን 6 ለ 1፣ አራተኛውን 6 ለ 4 ወሰደ። ሁለት ለሁለት እኩል ሆነው ወደ አምስተኛው ዙር ገቡ።

በአምስተኛው ዙር ፌደረር 8 ለ 7 እየመራና ራሱ እየለጋ 40 ለ 15 ደረሰ። ከሁለት ነጥብ አንዱን ቢያገኝ ጌሙ፣ ዙሩ እና ግጥሚያው በአንድ ጊዜ ያልቁ ነበር። እንዲህ ያለው ነጥብ የግጥሚያ ነጥብ ይባላል። ጆኮቪች ግን ሁለቱንም አዳነ፤ የመጀመሪያው 40 ለ 30፣ ሁለተኛው ዲውስ አደረገው። ከዚያ ጌሙን ለመውሰድ ሁለት ተከታታይ ነጥብ ያስፈልገው ነበርና አገኛቸው። ብሬክ አድርጎም ውጤቱን 8 እኩል አደረገ። ፌደረር በዚያ ጌም 40 መድረሱ ለሚቀጥለው ምንም አላተረፈለትም።

ከዚያ በኋላ 12 እኩል እስኪሆን ቀጠሉና በአዲሱ ደንብ ታይብሬክ ተጀመረ። ጆኮቪች 7 ለ 3 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዊምብልደን የነጠላ ፍጻሜ በመጨረሻው ዙር ታይብሬክ ሲለይ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በጠቅላላው ፌደረር 218፣ ጆኮቪች 204 ነጥብ አግኝተዋል። በጌም ቢቆጠርም ፌደረር 36 ለ 32 ይበልጣል። ልዩነቱ ነጥቦቹ በወደቁበት ቦታ ላይ ነው። ፌደረር ሁለተኛውን ዙር 6 ለ 1 በማሸነፍ ያካበተው ብልጫ አንድ ዙር ብቻ አስገኘለት። ጆኮቪች በታይብሬክ 7 ለ 5 ሲያሸንፍም ያገኘው ያንኑ አንድ ዙር ነው። በሦስቱ ታይብሬኮች ብቻ ጆኮቪች 21፣ ፌደረር 12 ነጥብ አገኙ፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዙር የሰጡት እነዚህ ጥቂት ነጥቦች ግጥሚያውን ወሰኑ።

የቃላቱ አመጣጥ

የ15፣ 30፣ 40 ቆጠራ የመጣው ኳስ በመዳፍ ይመታበት ከነበረው የመካከለኛው ዘመን የፈረንሳይ ጨዋታ ከዠ ደ ፖም ነው። ቀድሞ ሦስተኛው ነጥብ 45 ይባል ነበር፤ በአፍ ሲጠራ አጥሮ 40 ሆኗል። ቁጥሮቹ ከሰዓት ሩብ እንደተወሰዱ በሰፊው ይነገራል፤ ይሁንና የደቂቃ ዘንግ ያለው ሰዓት የተስፋፋው ከቆጠራው በኋላ ስለሆነ ማስረጃው ደካማ ነው። «ዲውስ» ሁለት ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ሲሆን ለማሸነፍ የቀረውን የሁለት ነጥብ ርቀት ያመለክታል።

ስለ «ላቭ» ሁለት ማብራሪያዎች ይሰጣሉ። አንዱ ዜሮ የእንቁላል ቅርጽ ስላለው እንቁላል ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል እንደመጣ ይናገራል፤ ይህን የሚደግፍ የጽሑፍ ማስረጃ የለም። ሌላው ያለ ገንዘብ ውርርድ፣ ለፍቅር ብቻ መጫወት ከሚል የእንግሊዝኛ አነጋገር ጋር ያያይዘዋል። ዊምብልደን እ.ኤ.አ. በ1877 የመጀመሪያውን ውድድር ሲያዘጋጅ ይህን የቆየ አቆጣጠር ስለመረጠ የዛሬው ቴኒስም ይዞት ቀጥሏል።